ከበሬው ምላስ እስከ ብርቱካናማው ጉድጓድ

በሬው ከትናንት ወዲህ መኖ አልነካም። ለሃጩ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ አንዴ የፊቱን፣ አንዴ የኋላውን እግሩን ያነሣል። አፉን ከፍቶ ምላሱን ላየ ሰው ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ይታዩታል። ገሚሶቹ ፈንድተው ቆዳው ተገሽልጧል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው የዚህን በሽታ ስም ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። አፍተግር ነው፤ በባለሙያዎች አጠራር የአፍና የእግር በሽታ። ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ባለከብቱ ቀጥለው ለሚያነሡት ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ አምና አስከትበናቸው ነበር እኮ፤ ታዲያ እንዴት ያዛቸው?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ከቁስሉ መልክ አይነበብም። የአፍተግር ቫይረስ ሰባት ዓይነት አለው። ሁለቱን፣ ኦ እና ኤ የሚባሉትን፣ ፈረንሳውያኑ ቫሌና ካሬ እ.ኤ.አ. በ1922 ለዩዋቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጀርመን ሲ ተጨመረ። ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3 መጀመሪያ የተለዩት ከደቡባዊ አፍሪካ ከመጡ ናሙናዎች ሲሆን፣ ሰባተኛው ኤዥያ 1 ነው። ሲ የተባለው ከ2004 ወዲህ በዓለም ላይ አልታየም። በእኛ አገር በብዛት የሚገኘው ኦ ነው፤ ኤ እና ሳት 2ም በየጊዜው ይነሣሉ። ሰባቱም በበሬ ምላስ ላይ የሚያወጡት ቁስል አንድ ነው። አንዱን ዓይነት የሚከላከል ክትባት ግን ሌላውን አይከላከልም። በኦ የተከተበ መንጋ ሳት 2 ሲመጣበት እንዳልተከተበ ነው።

ስለዚህ ከቁስሉ ላይ በተቆረጠች ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ቫይረሱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከሰባቱ የትኛው መሆኑንም የሚናገር ምርመራ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ዛሬም በየአገሩ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚገኘው ሳንድዊች ኤላይዛ የሚባለው ዘዴ ነው። ስሙን ያገኘው የሚፈለገው ነገር ከላይና ከታች በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል፣ ሥጋ በሁለት ቁራጭ ዳቦ መካከል እንደሚገባ፣ ስለሚያዝ ነው።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይደርስ

ምርመራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ገና በረት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ጥሩ ናሙና የሚባለው ካልፈነዳ ወይም ገና ከፈነዳ እብጠት ላይ የተወሰደ ቆዳ ነው። መጠኑ ቢያንስ አንድ ግራም ቢሆን ይመረጣል። ከምላስ፣ ከድድ ወይም ከሰኮና መሐል ሊወሰድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ትኩስ ቆዳ ውስጥ የቫይረሱ ብዛት እጅግ ከፍተኛ ነው። ቀናት ባለፉ ቁጥር ቁስሉ መዳን ይጀምራል፤ የበሬው ሰውነትም ራሱ ፀረ ቫይረስ አንቲቦዲ ማምረት ስለሚጀምር ከቁስሉ የሚገኘው ቫይረስ ይመናመናል። ሳምንት አልፎት የጠገገ ቁስል ለዚህ ምርመራ ብዙም አይረዳም።

ከዚህ የባሰው ችግር አሲድ ነው። የአፍተግር ቫይረስ አሲድ አይችልም። የፈሳሹ ፒኤች ከ6.5 በታች ሲወርድ የቫይረሱ ቅርፊት ይፈርሳል። ቅርፊቱ 60 ጊዜ ከተደጋገሙ የፕሮቲን ክፍሎች የተገነባ ትንሽ ኳስ ሲሆን፣ አሲድ ሲነካው አምስት አምስት ሆኖ ወደ ስብርባሪ ይከፋፈላል። ባለሙያዎች ሙሉውን ኳስ 146 ኤስ፣ ስብርባሪውን 12 ኤስ ይሉታል፤ ቁጥሮቹ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከሩ ወደ ታች የሚወርዱበትን ፍጥነት ያመለክታሉ። ሙሉው ኳስ የዓይነቱን ልዩ መልክ በላዩ ላይ ይዟል። ስብርባሪው ግን በሰባቱም ዓይነት ዘንድ ተመሳሳይ የሆኑትን የውስጥ ገጾች ያጋልጣል። በአሲድ የፈራረሰ ናሙና ለመርማሪው ሁለት ጉዳት አለው፤ ምልክቱ ይዳከማል፣ የቀረውም ምልክት የትኛው ዓይነት እንደሆነ በትክክል አይናገርም።

ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ በማንኛውም ጨዋማ ውኃ ውስጥ ተደርጎ አይላክም። ግማሹ ግሊሰሪን፣ ግማሹ ደግሞ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 የሚጠብቅ የፎስፌት ቅልቅል በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ፣ በበረዶ ተከብቦ ነው የሚጓዘው። ይህን ፈሳሽ ቀድሞ አዘጋጅቶ በየወረዳው ያስቀመጠ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ከምርመራው ግማሹን ሠርቷል።

ላቦራቶሪ ሲደርስ ቁራጩ በሙቀጫ ውስጥ ከንጹሕ አሸዋና ከጥቂት ፈሳሽ ጋር ይፈጫል። አሸዋው ጠንካራውን ቆዳ ለማድቀቅ ነው። ከዚያ ለአንድ ግራም ቆዳ ዘጠኝ ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ይህም አሥር በመቶ ቅልቅል ይባላል። በሴንትሪፊውጅ ለአሥር ደቂቃ ሲሽከረከር አሸዋውና የቆዳው ፍርፋሪ ከታች ይዘቅጣል። ምርመራው የሚሠራው ከላይ በቀረው ፈሳሽ ነው።

ለምን ሁለት አንቲቦዲ?

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፈሳሹን በቀጥታ ፕላስቲክ ላይ አፍስሶ ቫይረሱ ሲጣበቅ፣ በአንድ አንቲቦዲ መፈለግ አይቻልም ነበር? አይቻልም፤ ምክንያቱም ያ ፈሳሽ በአብዛኛው የበሬ ፈሳሽ ነው። የቆዳ ፕሮቲን፣ የደም ፕሮቲንና የለሃጭ ፕሮቲን ሞልቶበታል። ቫይረሱ በውስጡ ያለው ድርሻ ኢምንት ነው። ፕላስቲክ ደግሞ ፕሮቲን አይመርጥም፤ ቀድሞ የደረሰው ሁሉ ይጣበቅበታል። የበሬው ፕሮቲን ቦታውን ሁሉ ይይዝና ለቫይረሱ የሚተርፍ ሥፍራ አይኖርም። ስለዚህ አስቀድሞ ፕላስቲኩ ላይ የሚቀመጠው ከዚያ ሁሉ ድብልቅ መካከል ቫይረሱን ብቻ መርጦ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ ደግሞ የተያዘው በእርግጥ ቫይረሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀለም የሚወጣው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው።

ይህ እንዲሆን የሚፈለገው ነገር ቢያንስ ሁለት የሚያዝባቸው ቦታዎች ሊኖሩት ይገባል። ከታች በአንዱ ተይዞ ከላይ ሌላ የሚጨብጡት ከሌለው ሳንድዊች አይሠራም። እንደ አንዳንድ መድኃኒትና ሆርሞን ያሉ በጣም ትንንሽ ነገሮች በዚህ ዘዴ የማይመረመሩት ለዚህ ነው። 60 ጊዜ የተደጋገመ ገጽ ላለው ቫይረስ ግን በየትኛውም ጎኑ መያዣ አይጠፋም።

አንቲቦዲዎቹ የሚመጡት ከሁለት የተለያዩ እንስሳት ነው። ንጹሕና ሙሉ የሆነው 146 ኤስ ተዘጋጅቶ፣ የመግደል አቅሙ ጠፍቶ፣ አንዱ ለጥንቸል ሌላው ለጊኒ ፒግ ይወጋል፤ ሰባቱም ዓይነት ለየብቻው። እንስሳቱ በደማቸው አንቲቦዲ ሲያመርቱ ከደማቸው ሴረም ይወሰዳል። የጥንቸሉ ከታች የሚይዘው ይሆናል፤ የጊኒ ፒጉ ከላይ የሚያረጋግጠው። ሁለት እንስሳት የተመረጡበት ምክንያት ኋላ ቀለም የሚሰጠው ሦስተኛው ንጥረ ነገር ሲገባ ይገለጣል። ያ ሦስተኛው የጊኒ ፒግ አንቲቦዲ ባገኘበት ሁሉ የሚጣበቅ ነው። ከላይም ከታችም ያለው አንቲቦዲ ከአንድ እንስሳ ቢሆን ኖሮ፣ ቫይረስ ኖረም አልኖረ ከታች ባለው ላይ ተጣብቆ ሁሉንም ጉድጓድ ያቀላ ነበር።

ሳህኑ ላይ

ዕቃው ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን ነው። በስምንት ረድፍና በአሥራ ሁለት ዓምድ የተደረደሩ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። ለአፍተግር ምርመራ ሳህኑ በረድፍ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ረድፍ የኦ፣ ሁለተኛው የኤ፣ ሦስተኛው የሲ፣ ቀጥሎ ሦስቱ ሳቶች፣ ሰባተኛው የኤዥያ 1። በየረድፉ የሚገባው የዚያ ዓይነት የጥንቸል ሴረም ነው። ሴረሙ የሚቀጠነው ፒኤቹ 9.6 በሆነ የካርቦኔት ፈሳሽ ነው። በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ አንቲቦዲው ፕላስቲኩ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ሳህኑ በማቀዝቀዣ ያድራል፤ ሲነጋ አንቲቦዲው በጉድጓዶቹ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

ከዚያ ማጠብ ይመጣል። ፈሳሹ ይደፋል፣ ጉድጓዶቹ በጨዋማ ፈሳሽ ይሞላሉ፣ እንደገና ይደፋል፤ አምስት ጊዜ። በመጨረሻ ሳህኑ ተገልብጦ በሚመጥ ወረቀት ላይ ይመታል። ይህ እርምጃ በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ይደጋገማል። የሳንድዊች ኤላይዛ ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ምክንያቱም ዘዴው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተያዘ ይቀራል፣ ያልተያዘ ታጥቦ ይሄዳል።

አሁን ናሙናው ይገባል። ከበሬው ምላስ ከተዘጋጀው ፈሳሽ 50 ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሃያኛ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ሁለት ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል። አንዱ በሬ እንግዲህ በሰባቱም ዓይነት ፊት ቀረበ ማለት ነው። በሌሎች ጉድጓዶች ዓይነቱ አስቀድሞ የታወቀ ቫይረስ ይገባል፤ በጥቂቶቹ ደግሞ ናሙና የሌለበት ባዶ ፈሳሽ ብቻ። ሳህኑ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀስ ብሎ በሚያወዛውዝ መደርደሪያ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል። መወዛወዙ ቫይረሱ ወደ ግድግዳው የሚደርስበትን ዕድል ይጨምራል። በዚህ ሰዓት ውስጥ የበሬው ቫይረስ ሳት 2 ከሆነ በአምስተኛው ረድፍ ይያዛል፤ በሌሎቹ ረድፎች አቻውን አያገኝም። ሲታጠብ ከአምስተኛው ረድፍ በቀር በአብዛኛው ጠርጎ ይወጣል።

ቀጥሎ የጊኒ ፒጉ ሴረም፣ እሱም ለየረድፉ የራሱ። እዚህ ላይ ከውጭ ላለ ሰው የማይታይ፣ ለሠራተኞቹ ግን ብዙ ራስ ምታት ያስከተለ ጉዳይ አለ። ለጊኒ ፒጉ የተወጋው ቫይረስ ያደገው በላቦራቶሪ ህዋሳት ላይ ነው፤ እነዚያ ህዋሳት የሚመገቡት ደግሞ የከብት ሴረም ነው። ቫይረሱ የቱንም ያህል ቢጣራ ጥቂት የከብት ፕሮቲን አብሮት ይሄዳል፤ ጊኒ ፒጉም ለዚያ ፕሮቲን ጭምር አንቲቦዲ ይሠራል። ናሙናው የመጣው ከበሬ ነውና በየጉድጓዱ የከብት ፕሮቲን ርዝራዥ አይጠፋም። ያ አንቲቦዲ እሱን ቢይዝ ቫይረስ በሌለበት ቀለም ይወጣል። መፍትሔው የጊኒ ፒጉን ሴረም አስቀድሞ ከጤናማ ከብት ሴረም ጋር ማዋሃድ ነው፤ የከብት ፕሮቲን የሚፈልገው አንቲቦዲ እዚያው የሚፈልገውን ያገኝና ሥራ ይፈታል። በሚቀጠንበት ፈሳሽ ውስጥም አምስት በመቶ ቅባቱ የወጣ የወተት ዱቄት ይጨመራል። የወተቱ ፕሮቲን በፕላስቲኩ ላይ የቀረውን ክፍት ቦታ ሁሉ ሸፍኖ፣ ኋላ የሚመጣው አንቲቦዲ በአጋጣሚ እንዳይጣበቅ ይከለክላል።

ሌላ አንድ ሰዓት፤ ሌላ እጥበት። ከዚያ ሦስተኛው፣ ኮንጁጌት የሚባለው ይገባል። ይህ የጊኒ ፒግን አንቲቦዲ የሚይዝ አንቲቦዲ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ኤንዛይም ታስሮበታል። ኤንዛይሙ ሆርስራዲሽ ከሚባል ሥሩ የሚያቃጥል ተክል የሚወጣ ፐርኦክሲዴዝ ነው። አሁንም አንድ ሰዓት፣ አሁንም እጥበት። ይህ የመጨረሻው እጥበት ከሁሉ የከፋ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በጉድጓዱ ጥግ የቀረች ጠብታ ኮንጁጌት ኤንዛይሙን ይዛ ስለምትቀር፣ ብቻዋን ቀለም ታወጣለች።

እስከዚህ ድረስ ሳህኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሁሉም ጉድጓድ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። የሚቀረው ኦፒዲ የሚባል ቀለም ሰጪ ኬሚካል ከጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር መጨመር ነው። ኤንዛይሙ ባለበት ጉድጓድ ፈሳሹ በመጀመሪያ ቀጭን ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ እየሆነ ይመጣል። የዘዴው ጉልበት እዚህ ነው፤ አንዲት የኤንዛይም ሞለኪውል ያለማቋረጥ እየሠራች ብዙ ሺህ የቀለም ሞለኪውሎች ታመርታለች። በአጉሊ መነጽር እንኳ የማይታይ ቫይረስ በዓይን የሚታይ ቀለም የሚሆነው በዚህ ብዜት ነው። ኬሚካሉ ብርሃን ስለሚያበላሸው ሳህኑ ይሸፈናል። 15 ደቂቃ ሲሞላ በየጉድጓዱ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይገባና ኤንዛይሙን ያስቆመዋል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ለሁሉም ጉድጓድ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ አሲዱ የሚጨመረው ኦፒዲው በተጨመረበት ቅደም ተከተልና ፍጥነት ነው።

ከ1971 በፊት እንዲህ ያለ ምርመራ የሚሠራው በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። በዚያ ዓመት በስቶክሆልም ኤንግቫልና ፐርልማን፣ በኔዘርላንድስ ደግሞ ቫን ዊመንና ስኩርስ፣ አንዱ ቡድን ከሌላው ተለይቶ፣ በጨረሩ ቦታ ኤንዛይም አስገቡ። በጨረር ከሚጠበቅ ክፍል ወጥቶ በተራ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ሳህኑ ማንበቢያ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው በእያንዳንዱ ጉድጓድ 492 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያሳልፍና ምን ያህሉ እንደተዋጠ በቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ብርሃኑ ሁሉ አልፏል፤ 1 ከሆነ ያለፈው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የበሬው ናሙና በየረድፉ የሰጠው ቁጥር ይህን ቢመስል፤ ኦ 0.15፣ ኤ 0.12፣ ሲ 0.09፣ ሳት 1 0.16፣ ሳት 2 1.31፣ ሳት 3 0.14፣ ኤዥያ 1 0.10። ከዚህ ላይ ናሙና ያልገባባቸው ባዶ ጉድጓዶች የሰጡት ቁጥር ይቀነሳል፤ እሱ በየረድፉ 0.07 ወይም 0.08 ነበር እንበል። ሳት 2 ላይ የሚቀረው 1.24 ነው። ሳት 1 ላይ 0.09፣ ኦ ላይ 0.07 ይቀራል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው ከባዶው ከ0.1 በላይ የበለጠ ቁጥር ቫይረሱ መኖሩን ያሳያል፣ ዓይነቱም የዚያ ረድፍ ነው። በሬው የታመመው በሳት 2 ነው። የሳት 1 ትንሽ ከፍ ማለት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንቲቦዲዎቹ ጥቂት ይተላለፋሉ፤ ግን ከ1.24 ጎን 0.09 ሲቀመጥ የሚያወላዳ ነገር የለውም። የአምናው ክትባት የኦና የኤ ብቻ ከነበረ ለምን እንዳልሠራ አሁን ታወቀ።

ከዚያው መንጋ የሌላ ላም ናሙና ግን በኤ ረድፍ 0.19፣ ባዶው 0.08 ቢሆንስ? ልዩነቱ 0.11 ነው፤ ከመስመሩ በአንድ መቶኛ ብቻ የበለጠ። እንዲህ ያለውን ቁጥር «አለ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ «የለም» ማለትም እንዲሁ። ምርመራው ይደገማል፤ ወይም ናሙናው በህዋሳት ላይ ይዘራል። ሕያው ቫይረስ ካለ ህዋሳቱን እየገደለ ይባዛል። ህዋሳቱ ሲጠፉ ከላያቸው ያለው ፈሳሽ ተወስዶ እንደገና በኤላይዛው ይመረመራል። ቀድሞ 0.11 የነበረው ያን ጊዜ ከ1 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም ምንም ላይወጣ ይችላል። ከሁለቱ አንዱ እስኪታወቅ ታጋሽ መሆን የባለሙያ ግዴታ ነው።

ቀለሙ ሲዋሽ

መርማሪው የበሬውን ረድፍ ከማየቱ በፊት የሚያየው ባዶዎቹንና የታወቁትን ጉድጓዶች ነው። ባዶዎቹ ከቀሉ እጥበቱ ጎድሏል፣ ወይም ኮንጁጌቱ በዝቷል፣ ወይም ኦፒዲው ቀድሞ ብርሃን አግኝቶ ተበላሽቷል። በዚያ ሳህን ላይ ያለ ማንኛውም ውጤት አይታመንም። የታወቀው ቫይረስ የገባባቸው ጉድጓዶች ካልቀሉ ደግሞ ከመሥመሩ አንድ ነገር ሞቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሶዲየም አዛይድ የሚባል ጨው አለ። ሴረምና ማጠቢያ ፈሳሽ እንዳይሻግት ላቦራቶሪዎች ይጨምሩታል። ፐርኦክሲዴዝን ግን ያሰናክለዋል። አዛይድ ባለበት ፈሳሽ የታጠበ ሳህን ቫይረስ እየሞላበት ጥርት እንዳለ ይቀራል። የታወቀው ጉድጓድ ባይኖር ኖሮ ያ ሳህን «ሁሉም ጤነኛ» ተብሎ ይነበብ ነበር።

ሁለት ረድፍ እኩል ሲቀላ ነገሩ ይከብዳል። ምናልባት በሬው በእርግጥ ሁለት ዓይነት ቫይረስ ይዞታል፤ ብዙ ዓይነት በሚዘዋወርበት አካባቢ ይህ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ናሙናው በመንገድ ላይ ሞቆና ኮምጥጦ ቫይረሱ ወደ 12 ኤስ ተሰባብሮ፣ የጋራ የሆኑት ገጾቹ በየረድፉ እየተያዙ ነው። ለመለየት የናሙናውን ፒኤች መለካትና አጓጓዙን መጠየቅ ይጠቅማል፤ ከተቻለ ከሌላ እንስሳ ትኩስ ናሙና ማስመጣት ይሻላል። ቁጥሮቹ በሁሉም ረድፎች ዝቅ ብለው ተቀራራቢ ከሆኑ እኔ ጥርጣሬዬን ወደ ስብርባሪው አዘነብላለሁ። ሁለቱ ረድፎች ጎላ ብለው አምስቱ ባዶ ከሆኑ ግን ሁለት ቫይረስ መኖሩ የሚታመን ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ቀለም ያልወጣበት ሳህን በሬው ቫይረስ የለበትም አይልም። ኤላይዛው ቀለም የሚያወጣው ቫይረሱ በበቂ ብዛት ሲኖር ነው። ጥቂት ቫይረስ ብቻ ያለውን ናሙና በህዋስ ላይ ማሳደግ ወይም የዘረ መሉን ቅጂ የሚያበዛው ፒሲአር ያገኘዋል፤ ኤላይዛው ያልፈዋል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «በዚህ ናሙና፣ በኤላይዛ፣ አልተገኘም» ነው፤ የበሽታው ምልክት በረቱ ውስጥ እየታየ ከሆነ ደግሞ ናሙናው ወደ ሌላው ምርመራ ያልፋል።

ቀለሙ በትክክል ወጥቶ ዓይነቱ ከታወቀም በኋላ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። በአንድ ዓይነት ውስጥ ያሉ ቫይረሶችም እርስ በርስ ይለያያሉ፤ በተለይ ኤ በዚህ ይታወቃል። ሳህኑ «ኤ ነው» ሲል ክትባቱ ውስጥ ያለው ኤ ይህኛውን ይከላከል እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ የተከተቡ ከብቶች ሴረም በክትባቱ ቫይረስና በአዲሱ ቫይረስ ላይ ጎን ለጎን ይፈተናል። በአዲሱ ላይ ያለው የማምከን አቅም በክትባቱ ቫይረስ ላይ ላለው ተካፍሎ 0.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይጠቅማል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ ካነሰ ለክትባቱ ሌላ ቫይረስ መፈለግ ሊያስፈልግ ነው። ይህን ፈተና ለመሥራት ሕያው ቫይረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለኤላይዛው ከተፈጨው ቆዳ የተረፈው አይጣልም፤ ዓይነቱ፣ የተወሰደበት ቀንና ወረዳው ተጽፎበት ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበርድ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል።